የቡናና የሻይ ውሃ ሙቀት በሰሜን ሸዋ ከፍታ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከመንዝ ደጋ እስከ ሸዋ ሮቢት ቆላ ቡናና ሻይ የሚያፈሉ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች፣ ከቀላሉ ወደ ከበዱት።

ለቡናና ለጥቁር ሻይ የሚስማማው የውሃ ሙቀት ስንት ነው?

በወረቀት ማጣሪያ ወይም በፍሬንች ፕሬስ ለሚዘጋጅ ቡና ከ90 እስከ 96 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ለጥቁር ሻይ ደግሞ ከ95 እስከ 100 ዲግሪ። በሌላ አነጋገር፣ ለሻይ ከእሳት የወረደ፣ ገና የሚንተከተክ ውሃ ይፈለጋል። ለቡናው ትንሽ ተንፈስ ያለ ውሃም ይበቃል።

ጀበና ከሁለቱም ይለያል። ቡናው ከውሃው ጋር አብሮ ስለሚፈላ ሙቀቱን የምትመርጡት እናንተ አይደላችሁም። በእጃችሁ ያለው እሳቱ ላይ የሚቆይበት ጊዜ ነው። ከዚህ በታች ወደዚህ ነገር ደጋግመን እንመለሳለን፤ ምክንያቱም እኛ አካባቢ «ውሃው በጣም ሞቆ ቡናውን አበላሸው» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ከሙቀት ሳይሆን ከቆይታ የመጣ ነው።

ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ አይደለም እንዴ?

በባሕር ጠለል ላይ አዎ። ደብረ ብርሃን ላይ ግን አይደለም።

ውሃ የሚፈላው ከውስጡ የሚነሳው እንፋሎት ከላይ የተጫነውን አየር መግፋት ሲችል ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ እየሳሳ፣ ጫናውም እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ ውሃው ብዙ ሳይሞቅ መፍላት ይጀምራል። ለግምት የሚመች ሂሳብ አለ፦ በየ300 ሜትሩ ከፍታ የመፍያው ሙቀት በ1 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ላይ ናት። 2,800ን ለ300 ስናካፍል ከ9 ትንሽ ይበልጣል። ከ100 ላይ ስንቀንሰው 91 ዲግሪ ገደማ ይቀራል። ደብረ ብርሃን ውስጥ በክፍት ዕቃ የሚፈላ ውሃ ከዚህ በላይ አይሞቅም። መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነች እዚያ 90 ዲግሪ ላይ ወይም ትንሽ ዝቅ ብሎ ይፈላል። ሸዋ ሮቢት ግን 1,300 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውሃዋ እስከ 96 ድረስ ይሄዳል። በታርማበር ቁልቁለት ወርዳችሁ ደብረ ሲናን አልፋችሁ ሸዋ ሮቢት ስትገቡ 5 ዲግሪ ያህል የሞቀ የፈላ ውሃ አገኛችሁ ማለት ነው። ለሻይ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው።

እሳቱን ባበረታ ውሃው የበለጠ አይሞቅም?

አይሞቅም። ውሃ አንዴ መንተክተክ ከጀመረ የምትጨምሩት ከሰል ሁሉ ውሃውን ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ነው የሚውለው። ሙቀቱ እዚያው ይቆማል። ብርቱ እሳት ውሃውን ያናውጠዋል፣ ቶሎም ያጎድለዋል፤ ዲግሪ ግን አይጨምርም። ክዳን መክደንም እንደዚሁ ነው። ውሃው ቶሎ እንዲፈላና እንዳያልቅ ይረዳል እንጂ የመፍያውን ሙቀት ከፍ አያደርገውም።

ከፍ የሚያደርገው አጥብቆ የሚታሸግ የግፊት ድስት ብቻ ነው። ለባቄላና ለሽምብራ ደጋ ላይ የሚወደደውም ለዚሁ ነው። ሻይ በእሱ ማፍላት ግን አልመክርም፤ ቅጠሉን አውጥቶ ለማጥለል መጀመሪያ ግፊቱ እስኪወጣ መጠበቅ ያስፈልጋል፣ እስከዚያ ሻይው ከልክ በላይ ይጠነክራል።

ቴርሞሜትር የለኝም። የውሃውን ሙቀት በምን ልወቅ?

በዓይንና በጆሮ። መጀመሪያ ከማንቆርቆሪያው ሥር ደቃቅ አረፋዎች ይለጠፋሉ። ቀጥሎ ውሃው መጮህ ይጀምራል። ይህ ጩኸት ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነው፤ ውሃው ገና አልፈላም። ከሥር የተነሱት የእንፋሎት አረፋዎች ላይኛው ቀዝቀዝ ያለ ውሃ ውስጥ እየፈረሱ ነው የሚጮኹት። ሙሉ በሙሉ ሲፈላ ጩኸቱ ይለዝባል፤ ትልልቅ አረፋዎች እስከ ላይ ወጥተው ይፈነዳሉ። ያን ጊዜ ሙቀቱ የአካባቢያችሁ የመፍያ ሙቀት ነው፦ ደብረ ብርሃን 91፣ ሸዋ ሮቢት 96።

ይህ ቴርሞሜትር ላላቸውም ይጠቅማል። ደብረ ብርሃን ላይ በሚንተከተክ ውሃ ውስጥ ተነክሮ 91 የሚያሳይ ቴርሞሜትር ጤነኛ ነው። 100 ካሳየ ነው መጠርጠር።

በጣም የሞቀ ውሃ የቡናን ጣዕም ምን ያደርገዋል?

የተፈጨ ቡና ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ እኩል አይሟሟም። መጀመሪያ የሚወጡት መዓዛው፣ ኮምጠጥ የሚለው ጣዕምና ጣፋጩ ናቸው። መራራውና ምላስ የሚይዘው ዘግይቶ ይመጣል። የውሃው ሙቀት ሲጨምር ሁሉም ይፈጥናሉ። ስለዚህ በሙቅ ውሃ ላይ ቡናው ከሚገባው ጊዜ በላይ ከቆየ ዘግይቶ የሚመጣው መራራም ጠቅልሎ ይገባል።

ሁለተኛው ጉዳት መዓዛው ላይ ነው። የቡና መዓዛ ከእንፋሎት ጋር በቀላሉ ይተናል። እሳት ላይ እየተንተከተከ በቆየ ቁጥር ከጀበናው አንገት እየወጣ ይሄዳል። ቤቱን ሞልቶ ያወደው ሽታ ደስ ይላል፤ ግን ወደ ሲኒው ሊገባ የነበረ ነው። የሚቀረው ጠቆር ያለ፣ ከባድ፣ ሽታው የደበዘዘ ቡና ይሆናል።

የአቆላሉ ጉዳይም አለ። ጠቁሮ ዘይት እስኪያወጣ የተቆላ ቡና ቶሎ ይሟሟል፤ መራራውም ብዙ ነው። ለእሱ ከ85 እስከ 90 ዲግሪ ያለ ውሃ ይስማማዋል። ቡናማ ሆኖ ሳለ የወረደ፣ ለስለስ ያለ አቆላል ግን ጠንካራ ስለሆነ የሚቻለውን ሁሉ ሙቀት ይፈልጋል። ደብረ ብርሃን ላይ እንዲህ ያለውን ቡና በወረቀት ማጣሪያ የሚያዘጋጅ ሰው ውሃውን እንደተንተከተከ ማፍሰስ አለበት።

ታዲያ ደብረ ብርሃን ላይ ውሃ 91 ብቻ ከሆነ የጀበና ቡናዬ ለምን ይመራል?

ውሃው ስለሞቀ አይደለም። ወይ እሳት ላይ ቆይቷል፣ ወይ ቡናው ሲቆላ ተቃጥሏል፣ ወይ እንደ ዱቄት ልሟል። የትኛው እንደሆነ ለመለየት አንድ ጀበና ቡና ይበቃል።

ስድስት ሲኒ ለሚወጣው ጀበና ግማሽ ሊትር ውሃ አፍሉ። ሲንተከተክ 40 ግራም ገደማ ቡና ጨምሩ፤ ሞላ ባለ የሾርባ ማንኪያ 6 ወይም 7 ይሆናል። ወደ እሳቱ መልሱት። ቡናው በአንገቱ በኩል ገንፍሎ ሊወጣ ሲል አውርዱት። ማቶቱ ላይ አስቀምጡና 5 ደቂቃ ያህል ይስከን። ከዚያ ሁለት ሲኒ ብቻ ቅዱ። የቀረውን መልሳችሁ እሳቱ ላይ ለ10 ደቂቃ ይንተክተክ፤ አውርዱት፣ ይስከን፣ ሁለት ሲኒ ቅዱ። አሁን የመጀመሪያውም ትንሽ በርዷልና ሁለቱን ጎን ለጎን ያለ ስኳር ቅመሱ።

የመጀመሪያው ጥሩ ሆኖ ሁለተኛው ከመረረ ጥፋቱ የቆይታው ነው። መፍትሔውም ቀላል ነው፦ ሲገነፍል አውርዱ፣ አትመልሱ። ሁለቱም እኩል የሚመሩ፣ የከሰል ጣዕምም ያላቸው ከሆነ ቡናው ሲቆላ ነው የተቃጠለው። ከምጣዱ ቀደም ብሎ ማውረድ እንጂ ውሃ ላይ የሚሠራ ሥራ አያድነውም። ሁለቱም መረው ሲኒው ሥር ወፍራም ጭቃ የሚቀር ከሆነ አወቃቀጡን አይታችሁ ሽርክት አድርጉት። በጣም የላመ ቡና አይሰክንም፤ ከሲኒው ጋር አብሮ ይመጣና እየጠጣችሁት እንኳ መራራውን መልቀቅ ይቀጥላል።

በጀበና ቡና አንድ ነገር እጨምራለሁ። ፍም ላይ የተተወ ጀበና ውሃው እየጎደለ ሲሄድ አተላው ከጋለው ሸክላ ጋር ይገናኛል። ያን ጊዜ እውነትም ያርራል። እንግዳ ዘግይቶ ቡናው «እንዳይቀዘቅዝ» ፍም ዳር ሲቀመጥ የሚመጣው ጣዕም ይኸው ነው። እንግዳው እስኪመጣ ውሃውን ብቻ አሙቁ፣ ቡናውን ሲደርስ ጨምሩ።

ለቶና ውሃ ስጨምር ቀዝቃዛ ልጨምር ወይስ የፈላ?

የፈላ። ቀዝቃዛ ውሃ ከጨመራችሁ ጀበናው እንደገና እስኪፈላ ድረስ አተላው ረጅም ሰዓት ሙቅ ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል። ከአቦሉ የቀረው ደግሞ በአብዛኛው ያ ዘግይቶ የሚወጣው መራራ ነው። በሌላ ማንቆርቆሪያ የፈላ ውሃ ካዘጋጃችሁ ቶናው በጥቂት ደቂቃ ይገነፍላል፤ በረካውም እንዲሁ። የሚወዱት ትንሽ አዲስ ቡና ይጨምሩበታል፤ እኔም ብትጨምሩ እመርጣለሁ።

ጥቁር ሻይን በጣም የሞቀ ውሃ ያበላሸዋል?

አያበላሸውም። ይህ ጥያቄ የመጣው ከአረንጓዴ ሻይ ነው። አረንጓዴ ሻይ በፈላ ውሃ ይመራል፤ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ይበቃዋል። ጥቁር ሻይ ግን ሲዘጋጅ ቅጠሉ ተፈጭቶ በአየር ጠቁሯል። ቀዩን መልክና ጠንከር ያለውን ጣዕም የሚሰጡት ነገሮች በደንብ የሚወጡት በፈላ ውሃ ነው። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ለሻይ ቀማሾች ያወጣው አይኤስኦ 3103 የሚባል መመሪያ እንኳ የሚለው የፈላ ውሃ አፍስሱ፣ ለ100 ሚሊ ሊትር 2 ግራም ቅጠል፣ 6 ደቂቃ ነው። ያ ለቤት ጠንካራ ነው፤ የቀማሾቹ ዓላማ የቅጠሉን ጉድለት አጉልቶ ማውጣት ነው።

ሻይን የሚያበላሸው ቅጠሉ ውሃው ውስጥ ሆኖ እሳት ላይ መንተክተኩ ነው። ከአምስት ደቂቃ በኋላ አፍ የሚያደርቀው ታኒን እየበዛ ይመጣል፤ መዓዛው በእንፋሎት ይሄዳል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ሻይው ጠቆር ይላል፣ ሽታው ግን ይጠፋል፣ ከዋጣችሁት በኋላ ምላሳችሁና ድዳችሁ ይሻክራል። ብዙ ሰው ይህን በስኳር ይሸፍነዋል። ስኳር መራራውን ይቀንሳል፤ ምላስ መያዙን ግን አያጠፋውም። ወተት ግን ያለሰልሰዋል፤ የወተቱ ፕሮቲን ታኒኑን ይይዘዋል።

ሸዋ ሮቢት እህቴ ቤት የጠጣሁት ሻይ ከእኔው ፓኬት ነው። እዚያ ወፍራም፣ ደብረ ብርሃን ቀጭን የሆነው ለምንድን ነው?

ሁለት ነገር ተደራርቦ ነው። አንደኛው ያልነው 5 ዲግሪ ነው። በ96 ዲግሪ ውሃ በ3 ወይም 4 ደቂቃ የሚወጣው በ91 ዲግሪ ጊዜ ይፈልጋል።

ሁለተኛው ብዙም የማይታሰብ ነው፦ የዕቃው ቅዝቃዜ። ደብረ ብርሃን በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ላይ መደርደሪያ ላይ ያደረ የሸክላ በራድ 12 ዲግሪ ገደማ ሊሆን ይችላል። ግማሽ ኪሎ በሚመዝን እንዲህ ያለ በራድ ውስጥ ግማሽ ሊትር የፈላ ውሃ ብትጨምሩ፣ ውሃውና ሸክላው ሙቀት ተካፍለው ሲመጣጠኑ 77 ዲግሪ አካባቢ ይቀራል። ከ91 ተነስተን 14 ዲግሪ አጣን። ሸዋ ሮቢት ላይ ያው በራድ 25 ዲግሪ ላይ ቢያድር እንኳ ሻይው ከ80 በላይ ይዘፈዘፋል። ስለዚህ ከፍታውን ባትቀይሩትም ዕቃውን ማሞቅ ትችላላችሁ፤ ከምታደርጉት ሁሉ የበለጠ የሚጠቅመውም እሱ ነው።

ደብረ ብርሃን ላይ የሚሠራው አካሄድ ይህ ነው። ለአራት ብርጭቆ 600 ሚሊ ሊትር ውሃ አፍሉ። ከፈላው ላይ ትንሽ ወደ በራዱ ጨምራችሁ አንከባሉበትና ድፉት። ውሃውን እሳቱ ላይ መልሱና እንደገና ሲንተከተክ ሁለት የሻይ ማንኪያ ቅጠል በሞቀው በራድ ላይ አድርጋችሁ ወዲያው ውሃውን አፍስሱ። ክደኑት፣ በወፍራም ፎጣ ጠቅልሉት። 5 ወይም 6 ደቂቃ ጠብቁና አጥልሉት። ሸዋ ሮቢት ላይ በዚሁ መጠን 3 ወይም 4 ደቂቃ ይበቃል። በራድ የሌለው ሰው ቅጠሉን በቀጥታ ማንቆርቆሪያው ውስጥ ጨምሮ፣ ከእሳት አውርዶ፣ ከድኖ ቢያቆየው ያው ነው፤ እንዲያውም ዕቃው ስለሞቀ ይሻላል።

ደጋ ላይ ያለው ሰው ቀጭን ሻይ ሲገጥመው ቅጠሉን እሳት ላይ መቀቀል ይቀናዋል። መልኩ ይመጣል። ግን አብሮ አፍ የሚያደርቀው ይመጣል። ማቆየትና ሙቀት መያዝ ከመቀቀል ይሻላል። አሁንም ከቀጠነባችሁ ቅጠሉን በግማሽ ማንኪያ ጨምሩ።

ቅርንፉድና ቀረፋ ከሻይ ቅጠሉ ጋር አብረው ይፍሉ?

አብረው አይጨመሩ። ቅመሙ መቀቀል ይፈልጋል፤ ቀረፋ ልጡ ጠንካራ ነው፣ ቅርንፉዱም ቶሎ አይለቅም። ቅጠሉ ግን መቀቀል አይወድም። ስለዚህ መጀመሪያ ቀረፋውን፣ ቅርንፉዱንና ከተፈለገ ኮረሪማውን ከውሃው ጋር 5 ደቂቃ አንተክትኩ። ከዚያ አውርዳችሁ ቅጠሉን ጨምሩና ክደኑ። ጤና አዳምም ከሆነ የሚጨመረው መጨረሻ ላይ ነው፤ ቅጠሉ ለስላሳ ስለሆነ ሽታውን ቶሎ ይሰጣል፣ ቶሎም ያጣል።

«ውሃው ከፈላ በኋላ አንድ ደቂቃ ጠብቁ» የሚል ምክር ኢንተርኔት ላይ አየሁ። ልከተለው?

ደብረ ብርሃን፣ አንኮበር ወይም መንዝ ከሆናችሁ አትከተሉት። ምክሩ የተጻፈው ውሃቸው በ100 ዲግሪ አካባቢ ለሚፈላ ሰዎች ነው። እነሱ ሲጠብቁ 95 ላይ ይደርሳሉ። እናንተ ስትጠብቁ ከ91 ወደ 86 ወይም 87 ትወርዳላችሁ፤ በብርድ ደግሞ ከዚያም በታች። ለስለስ ያለ አቆላል ያለው ቡና በዚህ ውሃ ኮምጣጣና ውሃ ውሃ የሚል ይሆናል። የጎደለው መራራ ስለመሰላችሁ ደግሞ ቡና ትጨምራላችሁ፤ ኮምጣጣው ያኔ ይብሳል።

ሸዋ ሮቢት ወይም አጣዬ ላይ በጣም ለጠቆረ ቡና ብቻ ክዳኑን ከፍታችሁ አንድ ደቂቃ ብትጠብቁ ይጠቅማል። ለሻይ የትም ቦታ አትጠብቁ።

የኤሌክትሪክ ማፍያዬን ሙቀት 100 ዲግሪ ላይ ብሞላው መፍላቱን አያቆምም። ተበላሽቶ ነው?

ላይሆን ይችላል። ብዙዎቹ ቀላል ማፍያዎች የሚጠፉት እንፋሎቱ ሲነካቸው ስለሆነ ደጋ ላይም በትክክል ይሠራሉ። ዲግሪ የሚሞላላቸው አንዳንዶቹ ግን የተሞላው ቁጥር እስኪደርስ ይጠብቃሉ። ደብረ ብርሃን ላይ 100 አይደርስም፤ ስለዚህ ውሃው እየጎደለ ይንተከተካል። 90 ላይ ሙሉት። ሳይፈላ የሚያጠፋ ከመሰላችሁ አንድ ዲግሪ ጨምሩ፤ የሁሉም ማፍያ መለኪያ እኩል ትክክል አይደለም።

ፔርሙዝ ውስጥ ያደረ ቡና ለምን ይኮመጥጣል?

ቡና በሙቀት ሲቆይ መለወጡን አያቆምም። ውስጡ ያለው ክሎሮጀኒክ አሲድ የሚባለው ነገር ቀስ በቀስ ይፈርሳል፣ ከእሱም ሌላ አሲድ ይወጣል። ለዚህ ነው ጠዋት ጥሩ የነበረው ከሰዓት ኮምጣጣና ምሬት የተቀላቀለበት የሚሆነው። አተላው አብሮ ከገባ ደግሞ ይብሳል። ለመንገድ የምትይዙ ከሆነ ቡናው ሰክኖ ካለቀ በኋላ አጥልሉት፣ ፔርሙዙን በፈላ ውሃ አሙቁትና በአንድ ወይም ሁለት ሰዓት ውስጥ ጠጡት። ሻይም ቅጠሉ ወጥቶ መግባት አለበት።

ቡና ላይ ጨው የሚጨምሩ አሉ። ውሃውን የበለጠ ያሞቀዋል?

በሙቀት በኩል ምንም አያመጣም። በአንድ ሊትር ውሃ ላይ አንድ ግራም ጨው ቢጨመር የመፍያው ሙቀት ከፍ የሚለው በአንድ ዲግሪ ሃምሳኛ ገደማ ነው። ጣዕሙ ላይ ግን ሥራ አለው፤ ቁንጥር ጨው ምላሳችን መራራውን እንዳይሰማው ያደርጋል። ስለዚህ ጨው የገባበት ቡና ለስለስ ያለ ቢመስላችሁ አልተሳሳታችሁም። የተቃጠለ አቆላልን ግን ይሸፍነዋል እንጂ አያስተካክለውም።

የካፌ ማሽን ደብረ ብርሃን ላይ እንዴት 93 ዲግሪ ይሠራል?

ማሽኑ ውስጥ ውሃው ታሽጎ፣ በግፊት ስለሚኖር ከ91 በላይ ሞቆም ሳይፈላ ይቆያል። ቡናው ላይ የሚያልፈውም በ9 ባር አካባቢ ግፊት ነው። ችግሩ የሚመጣው ውሃው ወደ አየር ሲወጣ ነው። ገና ከአፉ ሲለቀቅ ከአካባቢው የመፍያ ሙቀት በላይ ስለሆነ ከፊሉ ወዲያው እንፋሎት ይሆናል። ባሪስታው ቡናውን ከማስገባቱ በፊት ማሽኑ ሲያፏጭና ውሃ ሲተፋ ያያችሁት ይህ ነው። በዚያ ሁኔታ ቡናው ቢገባ የላይኛው ክፍል በእንፋሎት ይመታል፤ ኤስፕሬሶው የተቃጠለ ሽታና ሹል ምሬት ይኖረዋል፣ ማኪያቶውም ውስጥ ይታወቃል።

ለባሪስታ ያለው መላ ሁለት ነው። ቡናውን ከማስገባቱ በፊት ውሃውን ማስወጣት፣ ማፏጨቱ ቆሞ በጸጥታ መፍሰስ ሲጀምር ማቆም። ማሽኑ ሙቀት የሚስተካከልበት ከሆነ ደግሞ ሁለት ወይም ሦስት ዲግሪ ዝቅ ማድረግ። ከባሕር ዳርቻ አገር ተስተካክሎ የመጣ ማሽን ደጋ ላይ እንዳለ መሥራት የለበትም።

ሁለትና ሦስት ዲግሪ ያን ያህል ለውጥ ያመጣል?

ለተጣራ ቡና የሚገርመው መልስ፣ ብዙም አያመጣም። በ2020 እ.ኤ.አ. የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ተመራማሪዎች ቡና በ87፣ በ90 እና በ93 ዲግሪ አዘጋጅተው ለሠለጠኑ ቀማሾች ሰጡ። የቡናው ውፍረትና ከቡናው የወጣው መጠን እኩል እንዲሆን አድርገው ስለነበር በሙቀቱ ምክንያት የመጣው የጣዕም ልዩነት ትንሽ ሆነ። ይህ ማለት ሙቀት ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ሙቀቱ ሲቀንስ ከቡናው የሚወጣው ይቀንሳል፤ እነሱ ግን አፈጫጨቱንና ሌላውን አስተካክለው ያንን ጉድለት ሞሉት።

ለደብረ ብርሃን ቡና አፍይ ይህ ጥሩ ዜና ነው። 91 ዲግሪ ለቡና በቂ ነው። ከቀጠነባችሁ ቡናውን ትንሽ ደቀቅ አድርጉት ወይም ግማሽ ደቂቃ አቆዩት። ውሃው ራሱ እንዲህ የሚያጨናንቀው ለሻይ ነው፤ እዚያም በራዱን ማሞቅ ከሁለት ዲግሪ በላይ ይሰጣችኋል።

እንደወረደ ትኩስ ትኩሱን መጠጣት ጥሩ ነው?

ለማፍያ የሚስማማው ሙቀት ለመጠጫ አይሆንም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2016 እ.ኤ.አ. ከ65 ዲግሪ በላይ የሆነ በጣም ትኩስ መጠጥ የጉሮሮ ቧንቧ ካንሰር ሊያመጣ የሚችል ነገር ብሎ መድቦታል። ነገሩ የቡናው ወይም የሻይው አይደለም፤ የሙቀቱ ነው። በቀጭን ሲኒ የተቀዳ ቡና ደጋ ላይ በጥቂት ደቂቃ ይወርዳል። ወፍራም ብርጭቆ ላይ ያለ ሻይ ግን ከላይ የቀዘቀዘ ቢመስልም ውስጡ ይቆያል፤ ከንፈራችሁን ካቃጠለ ጠብቁት። ከ60 ዲግሪ በታች ሲወርድ ጣዕሙም የበለጠ ይሰማል፤ ቡናው መምረሩንና መኮምጠጡን ለመለየት የምትቀምሱ ከሆነ በዚያን ጊዜ ቅመሱት።